ከአንቀጽ 14 እስከ 44 በአንድ ግቢ ውስጥ፦ ለሕግ ፈተና የትውስታ ቤት አሠራር

የሕግ ተማሪ ሁሉ ይህቺን ጣጣ ያውቃታል። ሕገ መንግሥቱን ደጋግሞ አንብቧል፣ ሐሳቡም ገብቶታል። ፈተና ላይ ግን «በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት በየትኛው አንቀጽ ነው?» ሲባል 19፣ 20 እና 21 ይደባለቁበታል። አንዱ ስለ ተያዘ ሰው፣ አንዱ ስለ ተከሰሰ ሰው፣ አንዱ ስለ ታሰረ ሰው ነው የሚያወራው። ሦስቱም ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ስለዚህ ደግሞ ማንበቡ ብዙም አይጠቅመውም። የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ አንቀጽ የራሱን ቦታ መስጠት ነው።

የትውስታ ቤት የሚባለው ዘዴ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በደንብ የምታውቁትን ቤት በሐሳብ ትወስዱና በተወሰነ ቅደም ተከተል እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ነገር በምስል ታስቀምጣላችሁ። ፈተና ላይ ቤቱን በሐሳብ እየዞራችሁ ያስቀመጣችሁትን ታነሳላችሁ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ተናጋሪዎች ረጅም ንግግር ያለ ወረቀት የሚያደርጉት በዚህ ነበር።

እዚህ ላይ የምንሠራው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስትን ነው። ከአንቀጽ 14 እስከ 44፣ 31 አንቀጽ። አንቀጽ 13 ስለ ምዕራፉ ተፈጻሚነትና አተረጓጎም ስለሆነ ከግቢው ውጭ እንተወዋለን። የሕክምና ተማሪዎችም አሠራሩ ያው ነው፤ ለእናንተ የሚለየውን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ፦ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም

ያልገባችሁን ነገር ቤት ውስጥ አታስገቡ። አንቀጹን አንብቡ፣ ምን እንደሚል በራሳችሁ ቃል ለጓደኛ ማስረዳት መቻላችሁን እዩ፣ ከዚያ ነው ምስል የሚሠራው። ያልገባ ነገር ላይ የተሠራ ምስል ከሳምንት በኋላ «ይሄ ውሻ ምን ነበር የሚያደርገው?» የሚያሰኝ እንቆቅልሽ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ደግሞም የትውስታ ቤት የቃል በቃል መሣሪያ አይደለም። ቅደም ተከተል፣ ቁጥርና ዋና ነጥብ ይይዛል። አንድን ድንጋጌ ከነነጠላ ሰረዙ በቃል መውጣት ከፈለጋችሁ ድምፅ ነው የሚያዋጣው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ዳዊትን የሚይዙት እንደዚያ ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ልጁ ይቀበላል፣ ማታ በጨለማ ያለ መጽሐፍ ይደግመዋል። ለሕግ ፈተና ግን በዚህ መልኩ የሚያዝ ነገር ጥቂት ነው። ትርጓሜ የሚሰጡ አንቀጾችና ጥቂት ቁልፍ ሐረጎች ይበቃሉ።

ቤቱን ምረጡ፣ በአምስት በአምስት ክፈሉት

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መብራቱን የምታበሩበት ቤት ይሁን። ያደጋችሁበት ቤት ምርጥ ነው። ዶርም አልመክርም፤ አልጋውም ሎከሩም አንድ ዓይነት ነው። ተመሳሳይ ቦታ ላይ የተቀመጡ ምስሎች ይምታታሉ። ስድስት ተመሳሳይ ወንበር ካለ ስድስት ቦታ ሳይሆን አንድ ቦታ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

አሁን ወሳኙ ነገር። ብዙ ሰው ቤቱን ዝም ብሎ ከበር ጀምሮ ይሞላዋል። ቅደም ተከተሉን ይይዛል፣ ግን «አንቀጽ 37 ምንድን ነው?» ሲባል ከ14 ጀምሮ መቁጠር ይገባል። ፈተና ላይ ለዚህ ጊዜ የለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል አምስት ቦታ ብቻ አድርጉ፣ ክፍሎቹም በ5 እና በ0 በሚያልቅ ቁጥር ይጀምሩ። የሮማ የንግግር መምህራንም በየአምስተኛው ቦታ ምልክት አድርጉ ይሉ ነበር።

አንቀጽ 14 የውጭ በሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ፦

ግቢ፦ 15–19
ሳሎን፦ 20–24
ማዕድ ቤት፦ 25–29
መኝታ ቤት፦ 30–34
መታጠቢያ ቤት፦ 35–39
ጓሮ፦ 40–44

ስድስት ክፍል በአምስት ቦታ 30፣ ከበሩ ጋር 31። ልክ ገባ። አሁን 37 ሲባል «መታጠቢያ ቤት፣ ሦስተኛ ቦታ» ትላላችሁ። በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ አንደኛው ቦታ ነው፣ በ1 ወይም በ6 ሁለተኛው፣ በ2 ወይም በ7 ሦስተኛው፣ እያለ ይሄዳል። ትንሽ ከተለማመዳችሁ በኋላ ስሌት መሆኑ ይቀራል።

ምንም ምስል ሳታስቀምጡ መጀመሪያ ባዶውን ቤት ዙሩ። በእያንዳንዱ ክፍል ከበሩ ግራ ጀምራችሁ በአንድ አቅጣጫ። አምስቱን ቦታ ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ወደፊትም ወደ ኋላም ሳትደናቀፉ ካልሄዳችሁ ምስል ለማስቀመጥ ገና ናችሁ።

ምስሎቹን ማስቀመጥ፦ ግቢውና ሳሎኑ

የእኔን ምሳሌ ልስጣችሁ። እናንተ የራሳችሁን ሥሩ፤ የተዋሰ ምስል ቶሎ ይጠፋል።

የውጭ በሩ፣ አንቀጽ 14። የሕይወት፣ የአካል ደኅንነትና የነጻነት መብት፤ ሦስቱ በአንድ ላይ። በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንዱ እንደ ልብ ይመታል፣ አንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሦስተኛው ተበርግዷል። ቀጥለው የሚመጡት 15፣ 16 እና 17 እነዚሁ ሦስቱ ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ በሩ ላይ ያየነው ግቢው ውስጥ ይዘረዘራል።

15፣ የሕይወት መብት። የውሃው ሮቶ ይተነፍሳል። ሆዱ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ሕይወት የሚታጣው በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ቅጣት ብቻ ነው የሚለውን ለመያዝ ካባ የለበሰ ዳኛ ቧንቧው ላይ እጁን አድርጎ ተቀምጧል።

16፣ የአካል ደኅንነት። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በልብስ ፋንታ በጄሶ የታሰሩ እግሮችና እጆች ተሰጥተዋል።

17፣ የነጻነት መብት። ውሻው ሰንሰለቱን በጥርሱ በጥሶ፣ ቁራጩን አፉ ላይ ይዞ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆሟል።

18፣ ኢሰብአዊ አያያዝ መከልከሉ። ማንጎው ዛፍ በቅርንጫፎቹ ሲሚንቶ የተሸከመ ሰው ይገርፋል። የግዳጅ ሥራም እዚሁ አንቀጽ ላይ ስለተከለከለ ነው ሲሚንቶ ያሸከምኩት።

19፣ የተያዙ ሰዎች መብት። ወደ ሳሎን የሚያስገባው ደረጃ ላይ ነው። እዚህ ጋ ቆም እንበል። አንቀጹ ስድስት ንዑስ አንቀጽ አለው፤ ደረጃውን ስድስት እርከን አደረግሁት።

አንደኛው እርከን ላይ ፖሊስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ እየቀያየረ ይናገራል፣ የተያዘው ሰው ራሱን እስኪነቀንቅ። ይህ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የመነገር መብት ነው። ሁለተኛው ላይ ሰውየው አፉን በፕላስተር ዘግቷል፤ ያለመናገር መብት። ፕላስተሩ ላይ «ማስረጃ» ተብሎ ተጽፏል፣ ምክንያቱም የሚናገረው በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ሦስተኛው ላይ እረኛ ከብቶቹን እየነዳ ወደ ፍርድ ቤት ይሮጣል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ የመቅረብ መብት። 48 ለምን እረኛ እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ። አራተኛው ላይ ያ እረኛ ሳይመጣ ቀርቶ ሰውየው ራሱ በመስኮት ዳኛውን ይጣራል፤ በጊዜው ካልቀረበ የአካል ነጻነቱን ፍርድ ቤት እንዲያስከብርለት ይጠይቃል። አምስተኛው ላይ እስክሪብቶ በግድ እጁ ላይ ይደረጋል፣ ወረቀቱ ግን ይቃጠላል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ስድስተኛው ላይ አጎቱ የቤት ካርታ ይዞ መጥቷል፤ የዋስ መብት። ከአጎቱ ጀርባ ዳኛው ጣቱን አንስቷል፣ ምክንያቱም በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤቱ ዋስትና ሊከለክል ይችላል።

ደረጃውን ወጣን፣ ሳሎን ገባን።

20፣ የተከሰሱ ሰዎች መብት። በሩ ሥር የጫማ መደርደሪያ አለ። ሰባት ንዑስ አንቀጽ፣ ሰባት ጫማ። የመጀመሪያው ጫማ መስታወት ነው፣ ውስጡ ይታያል፤ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት። ሁለተኛው ውስጥ ወረቀት ተጠቅጥቋል፤ ክሱን በጽሑፍ የማግኘት መብት። ሦስተኛው ነጭ ነው፣ ጭቃ የሚባል አልነካውም፤ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት። አራተኛው ሶሉ ጭቃ ነው፣ አሻራው ወለሉ ላይ ታትሟል፤ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት። አምስተኛው ጥቁር የጠበቃ ጫማ ነው፣ ውስጡ የመንግሥት ማኅተም አለበት፤ የጠበቃ መብት፣ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ። ስድስተኛው ተረከዙ ረጅም ነው፣ ከፍ ያደርጋል፤ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ። ሰባተኛው ምላሱ ወጥቶ በሌላ ቋንቋ ይለፈልፋል፤ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ።

መጀመሪያ ያነሳነው የጠበቃ ጥያቄ አሁን ተመለሰ። ጥቁሩ ጫማ አምስተኛ ነው፣ መደርደሪያው ሳሎን አንደኛ ቦታ ነው። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5።

21፣ በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች። ሶፋው ላይ የእስረኛ ልብስ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ሚስቱ፣ ዘመዶቹ፣ ቄሱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ተጠጋግተው ከበውታል፤ እነዚህ ሁሉ ሊጎበኙት ይችላሉ።

22፣ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ዜና አንባቢዋ ዜናውን ወደ ኋላ ለማጠንጠን ትታገላለች፣ ቴሌቪዥኑ እምቢ ይላል። ለተከሳሹ የሚጠቅም ሕግ ሲሆን ግን ፈገግ ብሎ ይሄድላታል።

23፣ በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አለመቀጣት። ቡፌው ፊት ለፊት አንድ ሰው ሳህን ይዞ ቆሟል፣ አስተናጋጁ «አንዴ ተነስቶልሃል» ብሎ ሁለተኛውን ይከለክለዋል።

24፣ የክብርና የመልካም ስም መብት። ግድግዳው ላይ ባለው የሠርግ ፎቶ ላይ አንዱ ጭቃ ይወረውራል፣ ሙሽራዋ ከፍሬሙ እጇን አውጥታ ትጠርገዋለች።

ልብ በሉ፣ 19 ከውጭ ደረጃ ላይ፣ 20 ጫማ ላይ፣ 21 ሶፋ ላይ ነው። የተያዘ ሰው ገና ከቤት ውጭ ነው፣ የተከሰሰው በር ላይ ደርሷል፣ የታሰረው ገብቶ ተቀምጧል። የሦስቱ መቀላቀል በዚህ አበቃ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝ ግን አትልቀቁት።

የቀረውን በፍጥነት

የቀሩትን አራት ክፍሎች ራሳችሁ ሙሏቸው። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ላስጠንቅቃችሁ።

ምዕራፉ ሁለት ክፍል አለው። ሰብዓዊ መብቶች በ28 ያልቃሉ፣ ዴሞክራሲያዊ መብቶች ከ29 ይጀምራሉ። ፈተና አውጪዎች ይህችን ይወዷታል። ወሰኑ ግን ክፍል መሀል ላይ ነው የወደቀው፣ ማዕድ ቤት አራተኛና አምስተኛ ቦታ መካከል። ስለዚህ እዚያ መሀል ምልክት ያስፈልጋል። እኔ የምርጫ ኮሮጆ አስቀምጫለሁ። ከኮሮጆው ወዲህ ያለው አራተኛው ቦታ ማጠቢያው ነው፤ ማጠቢያው ውስጥ የማይለቅ የደም እድፍ አለ። አንቀጽ 28፣ በስብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች። እድፉ ዓመታት ቢቆይም አይደበዝዝም፣ ምክንያቱም ይርጋ አያግደውም። ሳሙናም አያስለቅቀውም፣ ምክንያቱም በምሕረት ወይም በይቅርታ አይታለፍም። ከኮሮጆው ወዲያ መስኮቱ ላይ አንዱ ለሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል፤ 29፣ ሐሳብን የመግለጽ መብት።

ሁለተኛው ጓሮው ነው። 40 የንብረት መብት ነው፣ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለውም እዚያው ነው ያለው። ጓሮው በ40 መጀመሩ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ የመጀመሪያው ቦታ መሬቱ ራሱ ይሁን። 44 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነት ነው፣ ከአጥሩ ሥር ያለው የመጨረሻው ዛፍ ላይ ሰቀልኩት።

በአንድ ቁጭታ 31ዱንም አትሙሉ። ሁለት ክፍል፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በላይ ሲሆን የኋለኞቹ ምስሎች ስስ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ምስል ላይ አንድ ድርጊት መኖሩን አረጋግጡ። ዝም ብሎ የቆመ ሚዛን ለ«እኩልነት» ማስቀመጥ ቀላል ነው፣ ግን ሚዛን ለ«ፍትሕ»ም ይሆናል፣ ለ«መምረጥ»ም ይሆናል። የሚጮህ፣ የሚሸት፣ የሚያሳፍር ነገር ይሻላል። ማንም አያይባችሁም።

ቁጥር ለብቻው ሲመጣ

ምዕራፍ ሦስት ተከታታይ ስለሆነ ቤቱ ራሱ ቁጥሩን ይሰጣል። የወንጀል ሕጉ ላይ ግን 27፣ 78፣ 540 እያሉ ተበታትነው ነው የሚፈለጉት። ለዚህ ቁጥርን ወደ ቃል መቀየር ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል ለዚህ ይመቻል፣ ምክንያቱም ተነባቢውን ቁጥር ካደረግን ሰባቱን ድምፅ እንደፈለግን መቀያየር እንችላለን።

ፊደሎቹን ከቁጥሮቹ ስም ውስጥ አወጣኋቸው፦ 1 ደ (አንድ)፣ 2 ለ (ሁለት)፣ 3 ሰ (ሦስት)፣ 4 ረ (አራት)፣ 5 መ (አምስት)፣ 6 ተ (ስድስት)፣ 7 በ (ሰባት)፣ 8 ነ (ስምንት)፣ 9 ዘ (ዘጠኝ)። ዜሮ ክብ ስለሆነ ከ ይሁን። ሸ ከሰ ጋር፣ ኘ ከነ ጋር፣ ጀ ከደ ጋር፣ ቸ ከተ ጋር ይቆጠራል። አ እና ሌሎቹ ፊደላት ቁጥር የላቸውም።

እረኛ፦ አ ቁጥር የለውም፣ ረ 4፣ ኛ 8። 48።

አሁን በ1996 የወጣውን የወንጀል ሕግ እንየው። አንቀጽ 27 የወንጀል ሙከራ ነው። ለ እና በ፤ ሌባ። ሌባው ቁልፉን ሲታገል ሳይከፍት ተያዘ፣ ሙከራ ላይ ቀረ። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል ነው። በ እና ነ፤ ቡና። የተጠቃው ሰው ትኩሱን ጀበና አንስቶ ራሱን ይከላከላል። 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ምርኮ። 541 ቀላል የሰው ግድያ ነው፤ መርዶ። 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደል ነው፤ ማረሻ። አንዱ ዝርክርክ ማረሻውን መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ።

ለ539፣ ለከባዱ ግድያ፣ ጥሩ ቃል አላገኘሁም። መ፣ ሰ፣ ዘ ተያይዘው ቃል አይሆኑልኝም። እንዲህ ሲሆን አትጨናነቁ፤ «ከምርኮው አንድ ወደ ኋላ» ብላችሁ እለፉት። ለሁሉም ቁጥር ቃል ለመፈለግ ቀኑን ሙሉ የሚያባክን ሰው አለ። ለእሱ ብቻ የሚጠፋው ጊዜ አንቀጹን ደግሞ ደጋግሞ ለማንበብ ይበቃ ነበር።

የመጀመሪያ ፊደል ዘዴ መቼ ይሻላል

ዝርዝሩ አጭር ከሆነና ነገሮቹን ከነትርጉማቸው የምታውቋቸው ከሆነ ቤት መሥራት ትርፍ ሥራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1678 አንድ ውል እንዲጸና የሚያስፈልጉትን ይዘረዝራል፦ የተዋዋዮች ችሎታ፣ ፈቃድ፣ የውሉ ጉዳይና ሕግ ካዘዘ ፎርም። የመጀመሪያ ፊደሎቹን ወስዳችሁ አንድ አረፍተ ነገር ሥሩ፦ «ችሎት ፊት ጉቦ ፎረሸ»። ጨረሳችሁ።

የዚህ ዘዴ ድክመቱ ፊደሉ ቃሉን ካላስታወሳችሁ ምንም አለመስጠቱ ነው። «ጉ ምን ነበር?» ብላችሁ ከቆማችሁ ያው ናችሁ። ከሰባት ነገር በላይ ሲሆንም አረፍተ ነገሩ ራሱ የሚጠና ሸክም ይሆናል።

የሕክምና ተማሪ ከሆናችሁ

የእናንተ ችግር ለየት ይላል። «የዋስ መብት» ትርጉም አለው፣ «ኢታምቡቶል» ግን ጆሮ ላይ ባዶ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከቤቱ በፊት ድምፁን ወደ ሚታይ ነገር መቀየር አለባችሁ። ኢታምቡቶልን «እታለም ቦትል» አድርጉት። እታለም አረንጓዴ ቦትል ዓይኗ ላይ ደቅና የትራፊክ መብራት ታያለች፣ ቀይና አረንጓዴውን መለየት አቅቷታል። የዚህ የቲቢ መድኃኒት ታዋቂ ጉዳት የዓይን ነርቭ ላይ ነው፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት አለመቻል ቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው። አራቱን የመጀመሪያ መስመር የቲቢ መድኃኒቶች እንዲህ አራት ቦታ ላይ አስቀምጡ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፣ አይሶናያዚድ የእጅና የእግር ነርቭን ይጎዳል፣ ፒራዚናማይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ አድርጎ መገጣጠሚያ ያሳምማል። የጋራቸውን አትርሱ፤ ከኢታምቡቶል በስተቀር ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። እሱን ለመያዝ ሦስቱን አንድ ክፍል፣ እታለምን ከበሩ ውጭ አድርጉ።

መከለስና መፈተን

ቤቱን ሞልቶ መተው ምንም አይጠቅምም። በዚያው ቀን ማታ አንዴ ዙሩት። በማግስቱ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት፣ ከወር በኋላ። አንድ ዙር ከለመደ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይሠራል።

ሲዞሩ መጽሐፉን አትክፈቱ። መጀመሪያ ከጭንቅላት በባዶ ወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ ነው ከሕጉ ጋር የምታመሳክሩት። እያየን የምንዞር ከሆነ የምናውቀው ይመስለናል። ወደ ኋላም ሂዱ፣ ከ44 ወደ 14። ከዚያ ጓደኛችሁ በዘፈቀደ ቁጥር ይጥራ፣ እናንተ መብቱን ተናገሩ። ቀጥሎ መብቱን ይጥራ፣ እናንተ ቁጥሩን። ሁለቱ የተለያየ ችሎታ ናቸው፤ አንዱን የሚችል ሁለተኛውን ላይችል ይችላል።

ምን እንደተበላሸ የሚታወቀው የት ላይ እንደተደናቀፋችሁ በማየት ነው። ቦታውን አይታችሁ ምንም ካልታያችሁ ምስሉ ደካማ ነው፤ ድርጊት ጨምሩበት ወይም ከዕቃው ጋር አጣብቁት። ምስሉ ታይቷችሁ ትርጉሙ ከጠፋችሁ ችግሩ ማያያዣው ነው፤ የአንቀጹን አንድ ቁልፍ ቃል የሚናገር ሰው ጨምሩ። ከሌላ ትምህርት የመጣ ምስል ከታያችሁ ደግሞ ያንን ቤት ለሁለት ነገር ተጠቅማችሁበታል። ሕገ መንግሥቱን ባደጋችሁበት ቤት ካደረጋችሁ የወንጀል ሕጉን አክስታችሁ ቤት፣ የቤተሰብ ሕጉን ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄጃ መንገድ ላይ አድርጉ።

ሕግ ሲሻርም ቤቱ መታደስ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በ1156/2011 ተተክቷል። በድሮ ማስታወሻ ላይ ቤት የሠራ ተማሪ የተሻረ አንቀጽ በጣም አጥርቶ ያስታውሳል። አሮጌውን ምስል ዝም ብሎ መርሳት አይቻልም፤ ጋሪ አምጡና ጭናችሁ ሲወጣ እዩት፣ በቦታው አዲሱን አስቀምጡ። ቤት ከመሥራታችሁ በፊት በእጃችሁ ያለው ቅጂ በሥራ ላይ ያለው መሆኑን እዩ።

ፈተናው ላይ

አብዛኛው ጥያቄ ቁጥር አይጠይቅም፤ ታሪክ ይሰጣል። «አቶ ሀ ሐሙስ ጠዋት ተይዞ ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ቀረበ» ይላል። መጀመሪያ ጥያቄውን በሕግ ቋንቋ ለራሳችሁ ቀይሩ፦ ሰውየው ገና ተይዟል እንጂ አልተከሰሰም። ስለዚህ ደረጃው ላይ ናችሁ፣ ሳሎን አትግቡ። ከዚያ ስድስቱን እርከን ውጡ። ሦስተኛው ላይ እረኛው አለ፤ 48 ሰዓት አልፏል። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ከ48ቱ ውስጥ አይቆጠርምና የተያዘበት ቦታ ሩቅ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አራተኛው ላይ ሰውየው በመስኮት እየተጣራ ነው፤ መፍትሔው እዚያ ነው። የቀሩት እርከኖች በታሪኩ ውስጥ ፍንጭ ካላቸው ብቻ ጻፏቸው። የምታውቁትን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ማራገፍ ነጥብ አያስገኝም፣ ጊዜ ግን ይበላል።

አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት አትቁሙ። ቀጣዩ ቦታ ሂዱ፣ ሌላ ጥያቄ ሥሩ፣ ከዚያ ከወዲያኛው በኩል ተመለሱ። 23 ጠፍቶባችሁ 24 ላይ ካለው የሠርግ ፎቶ ወደ ኋላ ስትመጡ ብዙ ጊዜ ሰውየው ሳህኑን ይዞ ቡፌው ፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ።